ሁለተኛው ሰው ከመግባቱ በፊት

«ማንኛውም ሠራተኛ በጽሑፍ የተሰጠ የመግቢያ ፈቃድ ሳይኖረው ወደ ዝግ ስፍራ መግባቱ በጥብቅ የተከለከለ ነው።» በፋብሪካ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን የመሰለ ዓረፍተ ነገር ሳይሰማ አልቀረም። አሠልጣኙ ያነበዋል፤ ሠራተኛው ራሱን ይነቀንቃል፤ በስም ዝርዝሩ ላይ ፈርሞ ወደ ሥራው ይሄዳል። በደንቡ ላይ የሚወጣለት እንከን የለም። ይሁን እንጂ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው የሚቀሩት ሰዎች ብዙዎቹ ደንቡን ሰምተውታል፣ ፈርመውበታልም። ያልሰሙት፣ ያ ደንብ የሚፈተንባት ደቂቃ ምን እንደምትመስል ነው። ሌሊት ነው፣ ሥራ ቆሟል፣ ቁልፍ የያዘው ሰው የለም፣ ጓደኛህ ታች ወድቋል። ደንቡ ስለዚህች ደቂቃ አንድም ቃል አይተነፍስም።

የሥልጠና ጽሑፍን ከደንብ ዝርዝር ወደ አጫጭር ትዕይንቶች መለወጥ የሚባለው ሥራ ዋና ጉዳዩ ይህችን ደቂቃ ማግኘት ነው። እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አንድ የቆዳ ፋብሪካና የፍሳሽ ጉድጓዱን እንውሰድ። ቆዳ ፋብሪካን የመረጥሁት ሞጆን ለመሳሰሉ ከተሞቻችን የዕለት ተዕለት ጉዳይ ስለሆነ ነው፤ በተጨማሪም አደጋው ከየት እንደሚመጣ ከድራሙ እስከ ጉድጓዱ በግልጽ መከተል ይቻላል።

ጥሬ ቆዳ ጨውና ቆሻሻው ከታጠበ በኋላ በትልልቅ የሚሽከረከሩ ድራሞች ውስጥ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ፀጉሩ ይነሣል። የዚህ ውሃ ፒኤች ወደ 12 ይጠጋል። ፒኤቹ እንዲያ ከፍ እንዳለ እስከቆየ ድረስ ሰልፋይዱ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይቀመጣል፣ ወደ አየር አይወጣም። ከዚያ በኋላ በሚመጣ ሌላ ደረጃ ደግሞ ቆዳው በጨውና በሰልፈሪክ አሲድ ይዘፈዘፋል፤ ያኛው ፍሳሽ አሲዳማ ነው፣ ፒኤቹ 3 አካባቢ ነው። ሁለቱ ፍሳሾች በየራሳቸው ቦይ ከሄዱ ደኅና ነው። በአንድ ቦይ ተገናኝተው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ከገቡ ግን አሲዱ ሰልፋይዱን ከውሃው ያስለቅቀዋል፤ የሚወጣውም ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው ጋዝ ነው።

ይህ ጋዝ መጠኑ እጅግ ትንሽ ሲሆን፣ ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ አንድ እጅ እንኳ ሳይሞላ፣ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ከሚሊዮን 100 እጅ አካባቢ ሲደርስ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል። ሽታው የጠፋ ይመስላል እንጂ ጋዙ እየጨመረ ነው። ከ500 ሲያልፍ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ይስታል፤ ወደ 1000 ሲጠጋ ጥቂት ትንፋሽ ይበቃል። ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ከጉድጓዱ ሥር የተኛው ዝቃጭም በውስጡ ያመቀው ጋዝ አለ፤ ሰው ሲረግጠው ወይም በአካፋ ሲነካው ይለቀዋል። ስለዚህ ከላይ ሆኖ ሲታይ ምንም የማይመስል ጉድጓድ፣ ሰው ገብቶ ሥራ በጀመረበት ቅጽበት ሊለወጥ ይችላል።

ስለ ዝግ ስፍራ አደጋ በሚነገር ንግግር ሁሉ የሚጠቀስ አንድ አኀዝ አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ላይ ደኅንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በዝግ ስፍራ ከሚሞቱት ሰዎች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሌላውን ለማዳን የገቡት እንደሆኑ ገለጸ። ጽሑፉን እንደገና የሚጽፍ ሰው ከዚህ አኀዝ የሚወስደው ነገር ግልጽ ነው። ትዕይንቱ መድረስ ያለበት ሁለተኛው ሰው ወደ ጉድጓዱ ሊገባ አንድ እግሩን ወዳነሣበት ቦታ ነው። የደንብ ዝርዝሩ ሁሉ የሚያወራው ግን ስለ መጀመሪያው ሰው ነው።

ለመጻፍ ከመቀመጥ በፊት መጠየቅ ይቀድማል። የሚጠየቁት ደግሞ ፓምፑን በእጃቸው የሚያውቁት ናቸው። «ደንቡ ምን ይላል?» ብትላቸው ደንቡን ይነግሩሃል፣ አንተም የምታውቀውን ሰምተህ ትመለሳለህ። የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው። ፓምፑ መጨረሻ የተደፈነው መቼ ነው? ምን ደፈነው? ያን ጊዜ ፎርማኑ የት ነበር? የጋዝ መለኪያው የት ይቀመጣል፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው፣ ባትሪው መጨረሻ የተሞላው መቼ ነው? ፓምፑ ካልሠራ በስንት ሰዓት ውስጥ ምን ይቆማል? ከሁሉም የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ነው። መልሱ «ድራም መልቀቅ አንችልም፣ ቆዳው ጊዜው ያልፍበታል» የሚል ከሆነ፣ ያንን ሰው ወደ ጉድጓዱ የሚገፋው ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ይህ ግፊት ያልገባበት ትዕይንት የትም አያደርስም።

ለዚህ ሥራ አዲስ የሆነ ሰው መጀመሪያ የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፦

«አበራ ግዴለሽ ሠራተኛ ነበር። አንድ ቀን ማስክ ሳያደርግና ፈቃድ ሳይጠይቅ ወደ ጉድጓድ ገባ። ወዲያውም ራሱን ስቶ ወደቀ። ጓደኞቹም የደኅንነት ደንብን ማክበር ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ተገነዘቡ።»

ይህ ያው ደንቡ ነው፣ የሰው ስም ተለጠፈበት እንጂ። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ አንድም ሰው ራሱን «ግዴለሽ» ብሎ አያስብም፤ ስለዚህ ታሪኩ ስለ ሌላ ሰው ነው ብሎ ዘና ይላል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሳያልቅ መጨረሻው ታውቋል፤ አድማጩ የሚወስነው አንዳች ነገር አልተተወለትም። ከሁሉ የከፋው ግን «ማስክ ሳያደርግ» የምትለዋ ናት። ሠራተኛው ከዚህ የሚማረው ማስክ ካደረገ መግባት እንደሚችል ነው። አፍንጫና አፍ ላይ የሚታሰረው የአቧራ ማስክ ጋዙን አያስቀረውም። ማጣሪያ ያለው የኬሚካል ማስክም ቢሆን የጎደለ ኦክስጅን አይተካም፣ የጋዙ መጠን ባልታወቀበት ቦታም አይታመንም። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ውስጥ የሚያገለግለው የራሱን አየር በሲሊንደር ወይም በቱቦ የሚያመጣ መሣሪያ ብቻ ነው። ስለ ደኅንነት የተጻፈ ትዕይንት ቴክኒካዊ ስህተት ከያዘ ዝም ካለ ጽሑፍ ይብሳል፤ ሰው የሚያስታውሰው ታሪኩን ነውና።

አሁን በሌላ መልኩ እንጻፈው። ሰዎቹ በጽሑፉ ውስጥ ብቻ ያሉ ናቸው።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ሁለት ድራም መለቀቅ አለበት። ቦዩ ጢም ብሏል፤ የጉድጓዱ ፓምፕ ያጉረመርማል እንጂ አይስብም። ጌቱና ሰለሞን ክዳኑን ከፈቱ።

«ፀጉር ነው የያዘው» አለ ጌቱ እጅጌውን እየሰበሰበ። «ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።»

«ጋሽ ጌቱ፣ መለኪያውን ላምጣ እንዴ?»

«ስቶሩ ተቆልፏል። ቁልፍ የያዘው ጠዋት ነው የሚመጣው። ደግሞ አሽትተው እስቲ፤ ቅድም ይሸት ነበር፣ አሁን ምንም የለውም።»

ጌቱ በመሰላሉ ወረደ። ውሃው ጉልበቱ ጋ ደረሰ። አካፋውን ወደ ፓምፑ አፍ ሰደደ።

«ይኸው፣ አገኘ...»

ድምፁ ተቋረጠ። ሰለሞን የእጅ ባትሪውን ወደ ታች አበራ። ጌቱ ግድግዳውን ተደግፎ ተንሸራቷል። ፊቱ ከውሃው በላይ ነው፣ ዓይኑ ተከፍቷል።

«ጋሽ ጌቱ! ጋሽ ጌቱ!»

መሰላሉ እንደ ቆመ ነው። ጉድጓዱ ሦስት ሜትር አይሞላም። ሰለሞን አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አሳረፈ።

አሠልጣኙ እዚህ ላይ ያቆማል።

ምን ምን እንደገባበት ተመልከቱ። ጌቱ ግዴለሽ አይደለም፤ ሥራውን የሚያውቅ፣ ታናሹ «ጋሽ» የሚለው ሰው ነው። ሰለሞን ደንቡን ያውቃል፣ መለኪያውንም ጠይቋል። ታላቁን ከዚያ በላይ ግን አልተጫነም፤ እኛ አገር የትኛው የሁለተኛ ወር ሠራተኛ ነው የዐሥር ዓመቱን ሰው «አትገባም» የሚለው? «ቅድም ይሸት ነበር» የምትለው አነጋገር የአፍንጫን መደንዘዝ በውስጧ ይዛለች። አሠልጣኙ በኋላ ስለ 100 እጅ ሲያስረዳ ሠራተኛው አኀዙን የሚያንጠለጥልበት ቦታ አለው። የጌቱ ዓይን ተከፍቶ መታየቱም ያለ ምክንያት አልገባም። ሰውዬው በሕይወት ያለ ይመስላል፤ ምናልባትም በሕይወት አለ። ሰለሞንን የሚጎትተው ይህ ነው።

ጥያቄው «ምን ስህተት ሠሩ?» የሚል መሆን የለበትም። ይህን የጠየቀ አሠልጣኝ ሁሉም በአንድ አፍ «ፈቃድ አልያዙም!» ሲለው ይደሰትና ትምህርቱ እዚያው ያበቃል። መጠየቅ ያለበት «አሁን ሰለሞን ምን ያድርግ?» ተብሎ ነው። ከዚያም ዝም ማለት። ዝምታው ረዘም ቢል አይጎዳም፤ ቶሎ ብሎ መልሱን የሚናገር አሠልጣኝ ትዕይንቱን ያበላሸዋል።

መልሶች ይመጣሉ፤ እያንዳንዱም እስከ መጨረሻው መኬድ አለበት። አንዱ «ትንፋሹን ይዞ ቶሎ ገብቶ ይሳበው» ይላል። እሺ፣ ከዚያስ? 70 ኪሎ የሚመዝን፣ ሰውነቱ የዛለ ሰው ከውሃ ውስጥ አንሥቶ በቀጥ ያለ መሰላል ላይ በአንድ እጅ መሸከም ይቻላል? እንዲህ ያለ ጉልበት እያወጣ ትንፋሹን ስንት ሰከንድ ይይዛል? የሚጠራጠር ካለ፣ እዚያው አዳራሹ ውስጥ ትንፋሹን ይዞ ወለል ላይ የተኛ ጓደኛውን ከበሩ እስከ መስኮቱ ይጎትት። ሌላው «እርጥብ ጨርቅ አፍንጫው ላይ ይሰር» ይላል፤ ጨርቁ ጋዙን አያስቀረውም። ኩራዝ አውርዶ የማየት ልማድ የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ እሱም ይነሣል። ኩራዝ ቢበዛ የኦክስጅንን ማነስ ያሳይ ይሆናል፤ ስለ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ግን ምንም አይናገርም። ሚቴን የመሰለ የሚቀጣጠል ጋዝ ካለ ደግሞ ራሱ እሳቱን ይጭራል። «ወገቡን በገመድ ታስሮ ይግባ» የሚለው መልስ ከሌሎቹ ይሻላል፤ ነገር ግን ገመዱን ማን ይዞ? በስንት ሰው ጉልበት? ሌሊት እዚያ ያለው ሰለሞን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አዳራሹ ይጨነቃል፣ መጨነቅም አለበት። እውነተኛው መልስ ሰለሞን አይገባም ነው። ይጮኻል፣ ፎርማኑን በስልክ ይጠራል፣ ድራሞቹ እንዳይለቀቁ ያስቆማል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ሌላ አሲዳማ ፍሳሽ ወደ ጉድጓዱ ከገባ ጋዙ ይጨምራል። ብሎወር ካለ ቱቦውን ወደ ታች አውርዶ ንጹሕ አየር ይነፋል። የራሳቸው አየር ያላቸው የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኞች እስኪደርሱ ይጠብቃል። ጌቱ እነርሱ እስኪደርሱ ላይቆይ ይችላል። የሥልጠናው ጽሑፍ ይህን መደበቅ የለበትም። «ትክክለኛውን ካደረግህ ሁሉም ይተርፋል» የሚል ትዕይንት ሐሰት ነው፤ ሠራተኛውም ሐሰት መሆኑን ያውቃል።

ግን ነገሩን በዚህ ማቆም ሰውን ጓደኛህ ሲሞት ቆመህ እይ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ደግሞ ማንም አይፈጽምም። ስለዚህ ትዕይንቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ያው ሌሊት፣ ያው ፓምፕ፣ ያው ጌቱ፣ ነገር ግን ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት የሆነ አንድ ነገር ተለውጧል።

ፎርማኑ ጋሽ ደምሴ ራሱ እጉድጓዱ አጠገብ ቆሟል። ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ ብሎወሩ ሲነፋ ቆይቷል። ሰለሞን የመለኪያውን ቱቦ ከላይ፣ ከመሐል፣ ከሥር እያወረደ ያነባል።

«ከላይ ኦክስጅን 20.8፣ ሰልፋይድ ዜሮ።»

«ቀጥል።»

«መሐል 20.6፣ ሰልፋይድ 3። ከሥር... ቆይ ጋሼ፣ ገና እየወጣ ነው። 14። ጮኸ።»

«ዝጋው። ማንም አይወርድም። ብሎወሩ ይንፋ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እናየዋለን።»

ጌቱ ሰዓቱን አየ። «ጋሼ፣ ድራሙስ?»

«ድራሙ ይቆይ። ነገ ለሥራ አስኪያጁ እኔ ነኝ የምነግረው።»

ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሥሩ ንባብ 2 ሆኗል፤ የሚቀጣጠል ጋዝም የለም። ጌቱ ሙሉ ሃርነስ ለብሷል። ከጀርባው የተያያዘው ገመድ በሦስት እግር ማንሻው ላይ ካለው ዊንች ጋር ተገናኝቷል። መለኪያው ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ወረደ። አካፋው ዝቃጩን ነካ፤ ደረቱ ላይ ያለው መለኪያ ጮኸ። ሊዞር ሲል ጉልበቱ ከዳው።

ሰለሞን ወደ መሰላሉ አልሄደም። የዊንቹን እጀታ ማዞር ጀመረ።

ሁለተኛው ክፍል ሠራተኛው ሊይዘው የሚገባውን ቁጥር ሁሉ ይዟል፤ ማንም ግን ቁጥር እየተማረ እንደሆነ አይሰማውም። ኦክስጅን ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ አይገባም። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ብዙውን ጊዜ መለኪያው እንዲጮኽ የሚሞላበትን 10 እጅ ካለፈ አይገባም። ከላይ፣ ከመሐል፣ ከሥር ይለካል፤ በየደረጃው ንባቡ እስኪረጋ ይቆማል። ሰው ከገባም በኋላ መለካት አይቋረጥም። ዊንቹም ያለ ምክንያት አልገባም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የአሜሪካ የዝግ ስፍራ ደንብ፣ ጥልቀቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ለሚበልጥ ቁልቁል ጉድጓድ ከውጭ ሆኖ ሰው የሚያወጣ ማንሻ መሣሪያ እንዲዘጋጅ ያዛል። ምክንያቱ እንግዲህ ሰለሞን ነው። ከላይ የቆመው ሰው በእጁ የሚሠራው ነገር ካለው እግሩ ወደ መሰላሉ አይሄድም።

የደንቡን ጽሑፍ የት እናድርገው? አይጣልም። ሁለተኛው ክፍል ካለቀ በኋላ በሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ይነገራል፦ ሳይለካ አይገባም። ሳይታሰር አይገባም። ከላይ ያለው ሰው ምንም ቢሆን አይወርድም። ሙሉው የደንብ ጽሑፍ፣ የፈቃድ ቅጹና የፊርማ ቦታው በእጅ ይሰጣል፣ በግድግዳም ይለጠፋል። ትዕይንቱ የሕግን ቦታ ልተካ አይልም፤ ሁለቱ የተለያየ ሥራ አላቸው።

ይህን ዓይነት ጽሑፍ ለሥራ አመራር ስታቀርብ የሚመጣ ጥያቄ አለ። «ስቶሩ ተቆልፏል» የምትለዋን አውጣት ይሉሃል። ፋብሪካውን ታሳጣለች። ብዙ ጸሐፊ ይህችን መስመር የሚሰርዘው እዚህ ላይ ነው፤ በእኔ አመለካከት ከጽሑፉ ሁሉ አንዳትወጣ የሚታገሉላት መስመር ይህችው ናት። መስመሯ ከወጣች ጌቱ ያለ ምክንያት ሞኝ ይሆናል፤ ወደ ግዴለሹ አበራ ተመለስን ማለት ነው። ከቀረች ደግሞ ሥራ አመራሩ ወይ ስቶሩን ማታ የሚከፍት ሰው ይመድባል፣ ወይ መለኪያው ጉድጓዱ አጠገብ ባለ ሳጥን ውስጥ እንዲቀመጥ ያደርጋል። ትዕይንትን በቅንነት ለመጻፍ የሞከረ ሰው ቶሎ የሚደርስበት ነገር ይህ ነው፦ ዝርዝሩ ላይ ካሉት ደንቦች አንዳንዶቹ እዚያ ቦታ ላይ ሊፈጸሙ የማይችሉ ናቸው። ማንሻው አልተገዛም፣ ሃርነሱ አንድ ብቻ ነው፣ ፈቃድ የሚፈርመው ሰው ማታ የለም። በዝርዝር ሲጻፍ ይህ አይታይም። «ሰለሞን ሮጦ ማንሻውን አመጣ» ብለህ ስትጽፍ ግን ከጎንህ የተቀመጠው የፓምፕ ሠራተኛ «የቱን ማንሻ?» ይልሃል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ስለ ሥራው አደጋ እንዲያውቅ ማድረግንም፣ የመከላከያ መሣሪያ ማቅረብንም በአሠሪው ላይ የጣለ ሕግ ነው። ሁለቱ ግዴታዎች አብረው የተቀመጡት በከንቱ አይደለም። መሣሪያው በሌለበት የሚሰጥ ሥልጠና ጥፋቱን በቅድሚያ ወደ ሠራተኛው የማዞሪያ ወረቀት ነው።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ላንሣ። ትዕይንቱ ሰዎቹ በሚነጋገሩበት አማርኛ መጻፍ አለበት። «የአየር ጥራት ምርመራ ሳይከናወን መግባት አይፈቀድም» ብሎ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የሚናገር ፎርማን አላየሁም፤ «ለካኸው?» ነው የሚለው። ሞጆን በመሳሰሉ ቦታዎች ደግሞ ከሠራተኛው ብዙው አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው። የአማርኛውን ትዕይንት ቃል በቃል ማዛወር አይበጅም። ያንኑ ሁኔታ እዚያው ጉድጓድ ላይ የሚሠራ ኦሮምኛ ተናጋሪ በራሱ አነጋገር ቢያወራው፣ ታናሹ ታላቁን እንዴት እንደሚጠራ፣ እምቢ ሲልም እንዴት እንደሚል በትክክል ይመጣል። እምቢታው ላይ ነው ትምህርቱ ያለው።

አንድ ትዕይንት አንድ ውሳኔ ብቻ ይሸከማል። በዚያው ታሪክ ውስጥ የጓንትም፣ የቦቲም፣ የእሳት ማጥፊያም ነገር እናስገባ የሚል ኮሚቴ አይታጣም፤ ሁሉም ከገባ ሰለሞን ተረስቷል። ለሌላው ጉዳይ ሌላ ትዕይንት ይጻፍ፤ ለምሳሌ ፎርማኑ ከቢሮው ሳይወጣ ፈቃዱን ሲፈርም፣ ወይም መለኪያው ሲጮኽ «ባትሪው ነው» ተብሎ ሲጠፋ። እያንዳንዱ ተነቦ ውይይቱን ጨምሮ ከዐሥራ አምስት ደቂቃ ባይበልጥ፣ በፈረቃ መግቢያ ላይ ቆሞም ይሰማል።

የዚህ አሠራር ወሰንም መታወቅ አለበት። ታሪክ ሰምቶ የተማረ እጅ ዊንች አያዞርም። ትዕይንቱ በተነበበበት ሳምንት እዚያው ጉድጓድ ላይ 70 ኪሎ አሸዋ የተሞላ ጆንያ ሃርነስ አልብሶ አውርዶ ማውጣት ያስፈልጋል። ገመዱ ይጠላለፋል፣ የማንሻው እግር ክዳኑ ላይ አይገጥምም፣ እጀታው ዝጓል፤ እነዚህ በወረቀት ላይ አይገኙም። ከሥልጠና ሁሉ የሚበልጥ መፍትሔ ደግሞ አለ፦ ሰው ጭራሽ እንዳይገባ ማድረግ። ፓምፑ በሐዲድ ላይ ተሰክቶ በሰንሰለት ከላይ የሚወጣ ከሆነ ጌቱ የሚወርድበት ምክንያት የለም። ከጉድጓዱ በፊት ፀጉሩን የሚይዝ ወንፊት ካለ ፓምፑ እንዲህ በየጊዜው አይደፈንም። የሰልፋይዱና የአሲዱ ፍሳሽ በየራሳቸው ቦይ ከሄዱ ጋዙ ከመጀመሪያውም አይፈጠርም። ጽሑፉን የሚጽፈው ሰው እነዚህን የመሥራት ሥልጣን የለውም። ግን ጥያቄውን የሚያነሣ እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ጌቱ ለምን እንደሚወርድ አንድ በአንድ የጻፈው እሱ ነውና።

አዲሱ ጽሑፍ መሥራቱን በምን እናውቃለን? በፈተና ውጤት አይታወቅም፤ የድሮውም ጽሑፍ ሁሉንም ሰው መቶ ከመቶ ያሳልፍ ነበር። የሚታየው ከሥልጠናው በኋላ ባሉት ሳምንታት ፎርማኑ ጋ በሚደርሱት ጥያቄዎች ነው። «የመለኪያው ባትሪ አይሞላም»፣ «ማታ ቁልፉ ማን ጋ ነው?»፣ «ሁለተኛ ሃርነስ ይገዛልን» የሚል ቅሬታ መብዛት አለበት። ፓምፑ በተደፈነ ቁጥር ሥራው ከበፊቱ የሚረዝምበት ሰዓትም ይጨምራል፤ ምርት ክፍሉም ያጉረመርማል። አንድም ቅሬታ ካልመጣ፣ ፓምፑም እንደ ድሮው በሁለት ደቂቃ ከተነሣ፣ ሌሊቱን የገባ ሰው አለ ማለት ነው።